ድምሩ ልክ ነው፣ የኋላው ግን አልፏል

ከአዲስ አበባ በሚወጣ አንድ ዋና መንገድ ላይ ካሉት የተሽከርካሪ ሚዛኖች በአንዱ ቆሜ ነበር። ሲሚንቶ የጫነ ባለ ሁለት አክስል መኪና ወደ ሚዛኑ ገባ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ብቻ ብረቱ ላይ ወጡና ቆሙ። ቁጥሩ ተመዘገበ። ከዚያ መኪናው ጥቂት ተጎትቶ የኋላ ጎማዎቹ ወጡ። ሚዛኑ ላይ የሚሠራው ወጣት ከመስኮቱ ብቅ አለና፣

«ጋሼ፣ የኋላው አልፏል» አለ።

አሽከርካሪው ዕድሜያቸው ሃምሳውን የተሻገረ ሰው ናቸው። ሰነዳቸውን ይዘው ወረዱ። «ምኑ ነው የሚያልፈው? ሁለት መቶ ከረጢት ነው የጫንኩት፣ መቶ ኩንታል። ይኸው ደረሰኙ። ሊብሬውም መቶ ኩንታል ነው የሚለው።»

«ድምሩ ልክ ነው፤ 16 ቶን ድፍን። የኋላው አክስል ግን 600 ኪሎ አልፏል።»

«መኪናው አንድ ነው፣ ልጄ። ግማሹ ልክ ሆኖ ግማሹ የሚያልፈው እንዴት ነው?»

ወጣቱ በትሕትና ቁጥሮቹን አሳያቸው እንጂ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም፤ ከኋላ ሰልፍ አለ። ጥያቄው ግን በደንብ ሊመለስ የሚገባው ነው። በየመንገዱ የሚቀጣው፣ የሚከራከረውና ጭነት አራግፎ የሚያድረው አሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ስንት ኩንታል እንደጫነ ነው። መንገዱ ግን ኩንታሉን አይቆጥርም። መንገዱ የሚያውቀው እያንዳንዱ አክስል ምን ያህል እንደተጫነው ብቻ ነው።

ቃላቱን እንለያቸው። መኪናው ባዶውን፣ ነዳጁንና ትርፍ ጎማውን ይዞ፣ አሽከርካሪውና ረዳቱ ተቀምጠውበት የሚመዝነው ባዶ ክብደቱ ነው። የእኚህ ሰው መኪና ባዶውን 6 ቶን ይመዝናል። ፋብሪካው መኪናው ከነጭነቱ እንዲሸከም የፈቀደው የመጨረሻ ልክ ጠቅላላ ክብደት ይባላል፤ እዚህ 16 ቶን ነው። ከጠቅላላው ላይ ባዶው ሲቀነስ የሚቀረው 10 ቶን ሊጫን የሚችለው ዕቃ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ስፖንዳውን በወፍራም ላሜራ ሲያስረዝም ወይም ሁለተኛ ሰልባትዮ ሲያስገጥም፣ የጨመረው ብረትና ናፍጣ በሙሉ ከዕቃው ድርሻ ላይ ይነሳል። አራት መቶ ሊትር ናፍጣ ብቻውን ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ ይመዝናል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ ይህን ሁሉ ጭማሪ አያውቅም።

ሦስተኛው ልክ በየአክስሉ የተቀመጠው ነው። አክስል የምንለው የግራና የቀኝ ጎማዎችን የያዘው ዘንግ ነው። በበሩ መቃን ወይም ከበሩ ሥር በምትለጠፈው ትንሽ የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ከጠቅላላው ክብደት በታች የፊቱና የኋላው ለየብቻ ተጽፈው ይገኛሉ። የዚህ መኪና ሰሌዳ ለፊቱ 6፣ ለኋላው 10 ቶን ይላል። ሚዛኑ ያነበበው ግን ከፊት 5.4፣ ከኋላ 10.6 ቶን ነው። ድምሩ 16። ልጁም አሽከርካሪውም እውነት ተናግረዋል።

እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን ማሰብ ይበቃል። በሽተኛው መሐል ላይ ከተኛ ሁለቱም እኩል ይሸከማሉ። ወደ ኋለኛው ሰው ከተንሸራተተ ኋለኛው ይጎብጣል፣ ፊተኛው ይቀለዋል። የበሽተኛው ክብደት ግን አልተለወጠም። መኪናውም እንደዚያው ነው። በዚህ መኪና ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 5 ሜትር አለ። ጫኞቹ ሲሚንቶውን ሲደረድሩ ካሶኒው ውስጥ ከፊት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ትተው ስለነበር፣ የጭነቱ መሐል ከኋላ አክስሉ በ1 ሜትር ብቻ ቀደም ብሎ አረፈ። አንድ ሜትር የአምስት ሜትር አንድ አምስተኛ ነው። ስለዚህ ከ10 ቶኑ ሲሚንቶ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 2 ቶኑ፣ ወደ ፊት ሄደ፤ 8 ቶኑ ከኋላ ቀረ። መኪናው ባዶውን ከፊት 3.4፣ ከኋላ 2.6 ቶን ይመዝናልና ሲደመር ሚዛኑ ያነበበው ቁጥር ይመጣል።

አሁን የጭነቱን መሐል 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ፊት እንግፋው። ወደ ፊት የሚሄደው 2.6 ቶን፣ ከኋላ የሚቀረው 7.4 ቶን ይሆናል። የፊቱ አክስል 6.0፣ የኋላው 10.0። አንድ ከረጢት ሳይወርድ ሁለቱም ልካቸው ላይ ደረሱ።

የሆነውም ይኸው ነው። መኪናው ከሚዛኑ ወርዶ ጥግ ያዘ። አሽከርካሪው፣ ረዳታቸውና እዚያው የነበሩ ሁለት ጫኞች ካሶኒው ላይ ወጥተው፣ ከላይኛው ድርድር ከዳር እስከ ዳር እያነሱ ሃያ ያህል ከረጢት በፊቱ ክፍት ቦታ ደረደሩ። እያንዳንዷ ሃምሳ ኪሎ በአማካይ ሦስት ሜትር ተጓዘች። አቧራው ከነላቡ ፊታቸው ላይ ደርቆ ሲወርዱ አንድ ሰዓት አልፏል። ተመልሰው ተመዘኑና አለፉ።

ጥያቄው ግን አላለቀም። ለምን 10 ቶን? 600 ኪሎ ምን ያመጣል?

የዚህ ልክ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከአንድ ሙከራ ነው። ከ1958 እስከ 1960 ድረስ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ መሐንዲሶች ስድስት የመንገድ ቀለበቶች ሠርተው በአምስቱ ላይ መኪና ነዱ። አንዳንዱ ቁራጭ ወፍራም አስፋልት፣ አንዳንዱ ስስ፣ አንዳንዱ ኮንክሪት ነበር። የጦር ሠራዊቱ አሽከርካሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ዞሩባቸው። በአንዱ መስመር አንድ ቶን የማይሞላ አክስል፣ በሌላው ከ13 ቶን የሚበልጥ አክስል። ሙከራው እስኪያበቃ በየመስመሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአክስል ምልልስ ተቆጠረ። መሐንዲሶቹም የትኛው ቁራጭ መቼ እንደተሰነጠቀ፣ መቼ እንደሰመጠ እየመዘገቡ ተከተሉ።

የተገኘው ውጤት መንገድ የሚሠራ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሰላበት ሆነ። የአክስል ክብደት ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ክብደቱ በራሱ አራት ጊዜ እንደተባዛ ማለት ነው። ቁጥሩ እንደ አስፋልቱ ውፍረትና እንደ አፈሩ ከአራት ከፍም ዝቅም ይላል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ከክብደቱ እጅግ ቀድሞ እንደሚሮጥ የሚከራከር የለም። አንድ ቶን የሚመዝን የቤት መኪና አክስልና አሥር ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና አክስል ሲነጻጸሩ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ሳይሆን አሥር ሺህ እጥፍ ነው። ለዚህም ነው መንገድ ሲነደፍ የቤት መኪኖች ብዛት ከቁጥር የማይገባው። የሚቆጠረው ከባድ አክስል ነው።

600 ኪሎዋን በዚህ ዓይን እንያት። 10.6 ቶን ከ10 ቶን የሚበልጠው በስድስት በመቶ ነው። ጉዳቱ ግን በሃያ ስድስት በመቶ ይበልጣል። 13 ቶን ሲሆን ደግሞ ክብደቱ በሠላሳ በመቶ አድጎ ጉዳቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ባለንብረቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ክርክር አለ፤ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። «ብዙ ከጫንኩ ምልልሱ ይቀንሳል፤ ምልልሱ ከቀነሰ መንገዱም ያርፋል» ይላሉ። በዚያው መኪና እናስላው። 140 ቶን ሲሚንቶ ይጓጓዝ እንበል። በልኩ 10 ቶን ከተጫነ 14 ምልልስ ያስፈልጋል። 14 ቶን ከተጫነ 10 ምልልስ ይበቃል፤ አራት ምልልስ ተረፈ። ነገር ግን 14 ቶን የጫነው መኪና የኋላ አክስሉ 13 ቶን ይሆናል፤ አንዱ ጉዞው የልከኛውን ሦስት ጉዞ ያህል ይጎዳል። ልከኛው በ14 ጉዞ 14 ነጥብ ጉዳት አደረሰ ካልን፣ ሌላው በ10 ጉዞ ከ28 በላይ አድርሷል። ያው ሲሚንቶ፣ ያው መንገድ፣ እጥፍ ጉዳት። ተርፎ የታየው ናፍጣ መንገዱን የሚጠግነው ሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ ይከፈላል፤ ያ ሰው ደግሞ ግብር ከፋዩ ሁሉ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው በምን መልኩ ነው? አስፋልት ከላይ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንደ ስስ ሳንቃ ይጎብጣል። ጎማው ሲያልፍበት ዝቅ ይላል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ሳንቃ ሲጎብጥ የሚሳሳበት ከሥሩ ነውና አስፋልቱም መሰንጠቅ የሚጀምረው ዓይናችን ከማያየው ከታችኛው ፊቱ ነው። አክስሉ በከበደ ቁጥር ጉብጠቱ ይጠልቃል፣ ስንጥቁም ወደ ላይ ቶሎ ይወጣል። ወለሉ ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ በጎማ መሄጃው ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ቆይቶ መስመሮቹ ተገናኝተው ውኃው የደረቀ የኩሬ ጭቃ ይመስላሉ። ክረምት ሲገባ ውኃ በዚያ ይሰርጋል። ከሥር ያለው መረሬ ከሆነ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ አስፋልቱ የተደገፈበት ይከዳዋል። ከስንጥቁ ዙሪያ ጭቃማ ዱቄት ተረጭቶ ከታየ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ከሥር ያለው ጥሩ አፈር በውኃ እየተገፋ እየወጣ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ሩቅ አይደለም።

በቆላው ሌላ ዓይነት ጉዳት ይጨመራል። አስፋልት ሬንጅ ነውና በሙቀት ይለሰልሳል። ከባድ መኪና ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሲያልፍበት ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይተኛል፤ አስፋልቱ ወደ ግራና ቀኝ እየተገፋ በጎማ መሄጃው ላይ ሁለት ቦይ ይሠራል። ቤት መኪና የሚነዳ ሰው ዳገት ላይ መሪው በራሱ ወደ ቦዩ ሲሳብ የሚሰማው ይህን ነው። በሚቀጥለው ጉዞ አንባቢ ልብ ቢል፣ ዕቃ ጭኖ የሚመጣበትና ባዶውን የሚመለስበት መስመር አንድ ዓይነት ሆነው እንደማያረጁ በዓይኑ ያየዋል።

ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት በኮሜሳ አገሮች የተስማሙበት ልክ ለመሪው አክስል 8 ቶን፣ ጥንድ ጥንድ ጎማ ላለው ነጠላ አክስል 10 ቶን፣ ተከታትለው ለተቀመጡ ሁለት አክስሎች በድምሩ 16 ቶን፣ ለሦስቱ ደግሞ 24 ቶን ነው። የሕጉ ልክና የፋብሪካው ሰሌዳ ሲለያዩ የሚሠራው ዝቅተኛው ነው። አንዱ የሚጠብቀው መንገዱን፣ ሌላው መኪናውን ነውና።

ይህን ይዘን በየከተማው የምናየውን ባለ ሦስት አክስል ገልባጭ እንመልከት። ባዶውን 12 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከፊት 8፣ ከኋላ 16፣ በድምሩ 24 ቶን ከተፈቀደለት ሊጭን የሚችለው 12 ቶን ነው። አሸዋ የሚሸጠው ግን በክብደት ሳይሆን በቢያጆ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ካሶኒ ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሲሆን ከ25 ቶን ይበልጣል፤ ዝናብ የመታው ወይም ከወንዝ በቅርቡ የወጣ ከሆነ ወደ 30 ይጠጋል። ካሶኒው ሞልቶ ማየት የለመደው ዓይን ትክክለኛውን ጭነት ቢያይ ግማሽ ጎዶሎ ነው ብሎ ይጣላል። ገዢው ይጣላል፣ አሽከርካሪውም ገበያ ያጣል። ሙሉ ጭኖ ሲሄድ ግን ከኋላ እያንዳንዱ አክስል 14 ቶን ያህል ይሸከማል፤ ከ10 ቶን አክስል ጋር እንኳ ሲነጻጸር ጉዳቱ ወደ አራት እጥፍ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈረካከሰ የሰፈር አስፋልት ያየ ሰው ተቋራጩን ብቻ ከመውቀሱ በፊት በዚያ ስንት ቢያጆ አሸዋ እንዳለፈ ቢጠይቅ እወዳለሁ።

መኪናውስ? ብዙ ባለንብረት መኪናው ሲጎብጥ ካየ መካኒክ ጋር ሄዶ ባሌስትራ ያስጨምራል። መኪናው ቀና ይላል፤ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ባሌስትራው ግን ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ብቻ ነው። ክብደቱ ከዚያ ወደ አክስሉ ቤት፣ ወደ ኩሽኔታው፣ ወደ ቸርኬው፣ በመጨረሻም ወደ ጎማው ይወርዳል፤ እነዚህን የቀየራቸው የለም። ጎማው ላይ ልኩ በግልጽ ተጽፏል። በከባድ መኪኖች ላይ በብዛት በሚገጠመው 315/80R22.5 ጎማ ጎን 156/150 የሚል ቁጥር ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ጎማው ብቻውን ሲሆን 4,000 ኪሎ፣ ሁለተኛው ተጠማድ ሲሆን 3,350 ኪሎ እንደሚሸከም የሚነግር ምልክት ነው። ተጠማጆቹ ለምን ያንሳሉ ቢባል፣ ሁለቱ ምንጊዜም እኩል አይሸከሙም፤ አንዱ ነፋሱ ጥቂት ካነሰ ወይም መንገዱ ወደ ጎን ካዘነበለ ሸክሙ ለጓደኛው ያልፋል። በመካከላቸውም አየር እንደልብ ስለማይገባ ይሞቃሉ።

ጎማ የሚገድለው ደግሞ ሙቀቱ ነው። ከልክ በላይ የተጫነ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ጠልቆ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ላስቲኩን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ላስቲክ ከውስጥ ካለው ሽቦ ይላቀቃል። በቆላ መንገድ ዳር ተገሽልጦ የወደቀው የጎማ ቅርፊት አብዛኛው ታሪኩ ይኸው ነው። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ባረፈ ቁጥር ዞሮ የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለም። እጁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሐል ያስጠጋል፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከፋጀው ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ታሟል። የጎማው ጎን ላይ እንቁላል የመሰለ እብጠት ካየ ወይም የባሌስትራው መያዣ ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ ዝገት ከወጣው፣ ያ መኪና ለረጅም ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ፍሬኑ ነው። በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። መኪናው በዚያ ከፍታ የያዘው ጉልበት በሙሉ እታች እስኪደርስ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ሌላ መሄጃ የለውም። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከነተሳቢው አንድ ሺህ ሜትር ብቻ ሲወርድ የሚፈጥረው ሙቀት ከ1,100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። 50 ቶን ሲሆን ከ1,400 ሊትር ያልፋል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ዝቅተኛ ማርሽና የሞተር ፍሬን ይዘውለት ይወርዳሉ፣ ከፊሉን ነፋሱ ይወስዳል። የሞተር ፍሬን አቅም ግን ስለተጫነ አያድግም። የተጨመረው አሥር ቶን ያመጣው ሙቀት በሙሉ የሚወድቀው በጎማ ፍሬኑ ላይ ነው። ሸራው ከልክ ሲሞቅ መያዝ ይተዋል፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይሰማውም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው። ፋብሪካው ጠቅላላ ክብደት ብሎ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ቁጥር መኪናው ዳገት መውጣት መቻሉን ብቻ የሚናገር የሚመስላቸው አሉ። መውጣቱን ጠንካራ ሞተር ያለው ሁሉ ይወጣዋል። ቁጥሩ በይበልጥ የሚናገረው መኪናው ስለ መቆሙ ነው።

ድልድይ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። አስፋልት እያንዳንዱን አክስል ለብቻው ይቀበላል፤ ድልድይ ግን በላዩ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ስለዚህ ለድልድይ አስፈላጊው ጠቅላላው ክብደትና አክስሎቹ ምን ያህል ተራርቀው እንደተቀመጡ ነው። ያው 36 ቶን በረጅም መኪና ላይ ሲበተንና በአጭር ገልባጭ ላይ ሲታጨቅ ለድልድዩ አንድ አይደለም። በአሜሪካ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ሕግ ይህን በቀመር አስቀምጦታል፤ ጠቅላላው ከ80,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ36 ቶን ጥቂት ከፍ ያለ፣ እንዳይበልጥና አክስሎቹ በተቀራረቡ ቁጥርም የሚፈቀደው እንዲቀንስ። እዚያ ከባድ መኪና የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ «12፣ 34፣ 34» የሚለውን ቁጥር ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸው ይነግሯችኋል። ለመሪው 12 ሺህ፣ ለመኪናው የኋላ ጥንድ አክስል 34 ሺህ፣ ለተሳቢው ጥንድ 34 ሺህ ፓውንድ። ጭነው እንደወጡ በመንገድ ዳር ሚዛን ይመዘናሉ፤ የተሳቢው ከበዛ ፒኑን አስለቅቀው የተሳቢውን ጎማዎች ከነአክስሎቻቸው በሐዲዱ ላይ ጥቂት ቀዳዳ ወደ ኋላ ያንሸራትታሉ። ያን ጊዜ ክብደቱ ከተሳቢው ወደ ሳቢው ይሄዳል። እኚያ አሽከርካሪ ሃያ ከረጢት ተሸክመው የሠሩትን እነሱ ከረጢቱን ትተው ጎማውን በማንቀሳቀስ ይሠሩታል። የቃሬዛው ሒሳብ ግን አንድ ነው።

ወደ እሳቸው ልመለስ፤ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሚዛኑን አልፈው ከመሄዳቸው በፊት ሻይ ስንጠጣ ጭነቱ የሁለት ደንበኛ እንደሆነ አጫወቱኝ። አርባው ከረጢት በሚቀጥለው ከተማ ይወርዳል፣ ቀሪው መቶ ስድሳ ወደፊት ይቀጥላል። «ከዚያ በኋላ እንኳ መኪናዬም ይቀለዋል፣ ሚዛን ቢኖርም አልፈራም» አሉ።

ብዕር አውጥቼ ከሻይ ቤቱ ሒሳብ ወረቀት ጀርባ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩላቸው። ሲሚንቶው አሁን በስድስት ሜትር ተኩል ካሶኒ ላይ እኩል ተዘርግቷል። ጫኝ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው የኋላ ስፖንዳው ተከፍቶ አርባው ከረጢት ከጅራቱ ቢነሳ፣ የኋለኛው አንድ ሜትር ከሠላሳ ባዶ ይሆናል። የቀረው 8 ቶን ሁሉ ወደ ፊት ያደላ ነው፤ መሐሉ ከኋላ አክስሉ ወደ ሁለት ሜትር ይርቃል። ከ8 ቶኑ 3.1 ቶን ገደማ ወደ ፊት ይሄዳል። በባዶው 3.4 ላይ ሲጨመር የፊት አክስሉ 6.5 ቶን። ጠዋት ልክ ነበር፤ ሁለት ቶን ከወረደለት በኋላ ግማሽ ቶን አለፈ። ጠቅላላው 14 ቶን ሆኖ፣ ከልኩ ሁለት ቶን ጎድሎም እንኳ።

ወረቀቱን ወስደው ዝም ብለው ተመለከቱት። «እንግዲህ እነዚያን ሃያዎቹን ልመልሳቸው ነዋ» አሉ። ስሌቱ የሚለው በእርግጥ ያንኑ ነው፤ ሃያ ከረጢት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቢመለስ የፊቱ ልኩ ላይ ይደርሳል። ረዳታቸው ጠዋት የተሸከመውን እያሰበ ነው መሰለኝ አንገቱን ደፋ።

እሳቸው ግን ወረቀቱን ገልብጠው ካሶኒውን በጣታቸው ሳሉት፤ አራት ማዕዘን፣ ከሥሩ ሁለት ክብ። ጥቂት አሰቡና፣ «የጎኑን ስፖንዳ ብከፍትስ?» አሉ። «ከላይኛው ድርድር፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት እያነሳን ብናወርድ?»

አሰላነው። መሐሉ ካለበት አይነቃነቅም። ከፊት 5.5፣ ከኋላ 8.5 ቶን ገደማ። ወረቀቱን አጥፈው ከሊብሬው ጋር ከተቱትና ረዳታቸውን፣ «አየህ፣ የኋላውን እንዳትከፍትባቸው» እያሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ።